የሰኔ 30 ዶላር

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዕለቱ አንዱን ዶላር በ74 ብር ከ73 ሳንቲም እንደሚገዛ ለጠፈ። ከዚያ በፊት በነበረው የሥራ ቀን ዋጋው 57 ብር ተኩል ገደማ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባወጣው ልዩ ጨረታ ደግሞ አማካይ ዋጋው 107 ብር ከ90 ሳንቲም ደረሰ።

ዜናው የደረሰው ብዙ የሂሳብ ክፍሎች የዓመት መዝጊያ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚያበቃ ድርጅቶች ዓመቱን በቀን ቆጠራ ከዘጉ ገና ሦስት ሳምንት ማለፉ ነበር፤ ሪፖርቱ ግን አልተጠናቀቀም፣ ኦዲተሩም አልመጣም። ባንክ ውስጥ ዶላር ያለው ድርጅት ባለቤት ሂሳብ ሠራተኛውን የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ዶላራችን አሁን በስንት ብር ነው የሚጻፈው? በ57 ወይስ በ107?

መልሱ በ57 ነው። ለምን እንደሆነና ያ ቁጥር በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ምን እንደሚደረግበት ለመረዳት ግን የዶላር ሂሳብ በብር መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት እናስብ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የተመረጡ ናቸው፤ በጊዜው ከነበረው ተመን ግን ብዙ አይርቁም። ድርጅቱ በ2016 መጀመሪያ አካባቢ 20,000 ዶላር ወደ ውጭ ምንዛሪ ሂሳቡ ገባለት፤ የዕለቱ ተመን 55 ብር ስለነበር በመዝገቡ ላይ 1,100,000 ብር ብሎ ጻፈው። ግንቦት ላይ ሌላ 20,000 ዶላር በ57 ብር ገባ፤ ይህ 1,140,000 ብር ሆነ። ስለዚህ ባንኩ የሚልከው ስቴትመንት 40,000 ዶላር ይላል፤ የድርጅቱ ሌጀር ደግሞ 2,240,000 ብር ይላል። አማካዩ 56 ብር መሆኑ ነው።

ሰኔ 30 ላይ ግን 56 ብር የሚባል ተመን የለም። የመጀመሪያው ዶላር የገባበት ዋጋ አርጅቷል፣ የሁለተኛውም አልፏል። ሚዛን መዝገቡ ደግሞ በዚያች ቀን ያለውን ሀብት ማሳየት አለበት። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ በተለይም ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚደነግገው ቁጥር 21፣ ይህን በግልጽ ያስቀምጡታል። ጥሬ ገንዘብ፣ የባንክ ተቀማጭ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ፣ የዶላር ብድር የመሳሰሉት በሪፖርቱ የመጨረሻ ቀን ተመን እንደገና ይሰላሉ፤ ልዩነቱም በዚያው ዓመት ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል። ለዕቃ ግዥ አስቀድሞ የተከፈለ ዶላር እንዲህ አይደረግም። ተመልሶ የሚመጣው ዕቃ እንጂ ገንዘብ አይደለምና በተከፈለበት ቀን ተመን ይቆያል። ይህን ሁለቱን ባለመለየት ቅድሚያ ክፍያን ሁሉ በአዲስ ተመን የሚያባዙ ሰዎች አሉ።

የመጨረሻው ቀን ተመን የትኛው ነው የሚለውም ቀላል አይደለም። ሰኔ 30 ቀን 2016 እሑድ ነበር። እሑድ ባንክ አዲስ ተመን አይለጥፍም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበረው የሥራ ቀን የወጣው ይወሰዳል። ከዚያ ደግሞ መግዣና መሸጫ አለ። ዶላሩ ለድርጅቱ ሀብት ነውና ቢሸጠው ባንኩ የሚከፍለው በመግዣው ዋጋ ነው፤ መግዣውን መያዝ ምክንያታዊ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ ድርጅት የሁለቱን አማካይ ይይዛል። ኦዲተሩን የሚያስኮርፈው የትኛውም መመረጡ አይደለም፤ አምና መግዣ፣ ዘንድሮ ደግሞ ይበልጥ ስለሚያተርፍ መሸጫ መያዙ ነው። በጊዜው ዶላር በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ይሸጥ እንደነበር ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን ላኪው በባንክ ያለውን ዶላር በሕግ መመንዘር የሚችለው በባንክ ነውና ያ ዋጋ መዝገብ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

እንግዲህ ላኪያችን መግዣውን 57 ብር ከ50 ሳንቲም ብሎ ይያዝ። 40,000 በ57.50 ሲባዛ 2,300,000 ብር ነው። ሌጀሩ ላይ ያለው 2,240,000 ስለሆነ 60,000 ብር ጎድሏል። ሂሳብ ሠራተኛው ሰኔ 30 ላይ አንዲት ጆርናል ይጽፋል፤ የዶላር ባንክ ሂሳቡን በ60,000 ብር ዴቢት፣ የምንዛሪ ልዩነት ትርፍን በ60,000 ብር ክሬዲት ያደርጋል። በቢሮ ቋንቋ ሪቫሉዌሽን የሚባለው ይኸው ነው። አንድም ዶላር አልተጨመረም። አንድም ብር ወደ ካዝና አልገባም። ባንኩም ስለዚህ ጆርናል አያውቅም፣ ስቴትመንቱ ላይም የለም።

ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያኮርፉት እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ተብሎ የተጻፈው 60,000 ብር የት አለ ቢባል መልሱ «ዶላሩ ውስጥ» ነው፤ ዶላሩ እስኪሸጥ ድረስ በእጅ አይዳሰስም። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይም ከሽያጭ እንደተገኘ ገንዘብ አይቆጠርም፤ የምንዛሪ ለውጥ በጥሬ ገንዘብ ላይ ያሳደረው ለውጥ ተብሎ ለብቻው በአንድ መስመር ይቀመጣል። በዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት ደግሞ ይኸንኑ ስሌት በተቃራኒው ይሠራል፤ ዶላር በተወደደ ቁጥር ዕዳው በብር ሲያብጥ ኪሳራ ይጽፋል።

አሁን ወደ ሐምሌ 22 እንመለስ። ሪፖርቱ ገና አልታተመም፤ ዶላሩ ግን ከ57 ወደ 74፣ ከዚያም ከ100 በላይ ሄደ። ሪፖርቱን የሚያነብ ባንክ ወይም ባለአክሲዮን እውነተኛውን ዋጋ ቢያውቅ ምን ክፋት አለው? የለውም፤ እንዲያውም ማወቅ አለበት። ግን የሚያውቀው ከቁጥሩ ሳይሆን ከማብራሪያው ነው። ከሪፖርት ቀን በኋላ ስለሚደርሱ ነገሮች የሚደነግገው ደረጃ፣ ቁጥር 10፣ ሁለት ዓይነት ክስተቶችን ይለያል። አንደኛው ሰኔ 30 ላይ አስቀድሞ የነበረን ነገር በኋላ የሚያጋልጥ ነው፤ ለምሳሌ ደንበኛው ሰኔ ላይ መክፈል አቅቶት እንደነበር ሐምሌ ላይ ሲታወቅ። ይህ ቁጥሩን ያስተካክላል። ሁለተኛው ሰኔ 30 ላይ ጨርሶ ያልነበረ፣ በኋላ የተፈጠረ ነው። ደረጃው ለሁለተኛው ዓይነት ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ከሪፖርት ቀን በኋላ የሚመጣ ከተለመደው የራቀ የምንዛሪ ለውጥ ነው። ሰኔ 30 ላይ በ107 ብር የሚገዛ ባንክ አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩ በ57.50 ይጸናል፤ ከሥሩ ግን ተመኑ ምን ያህል እንደተለወጠና በድርጅቱ ዶላርና ዕዳ ላይ የሚያሳድረው ለውጥ ስንት እንደሚሆን በማብራሪያ ይጻፋል።

ሕጉ ለሁሉም ወገን አንድ ዓይነት መሆኑን ለማየት ከሀገር ውጭ የሚዘጋ አንድ መዝገብ ይጠቅማል። የናይሮቢው ሳፋሪኮም የግማሽ ዓመት ሪፖርቱን የሚዘጋው በመስከረም መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2024 የግማሽ ዓመት ውጤቱን ሲያስታውቅ ትርፉ እንደቀነሰና የብር መውደቅ በኢትዮጵያው ኩባንያው በኩል እንደጎዳው ገለጸ። አንዱ የሐምሌ 22 ውሳኔ በእሱ ሪፖርት ውስጥ ሙሉ ኪሳራ ሆኖ ገብቷል፤ ሰኔ 30 በዘጋ የአዲስ አበባ ድርጅት ሪፖርት ግን ከማብራሪያ አንቀጽ አላለፈም። ልዩነቱ የመዝጊያ ቀኑ ብቻ ነው።

ሐምሌ 1 ደረሰ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ሁለተኛው ጆርናል ይመጣል። በበርካታ ድርጅቶች ልማድ ሰኔ 30 የተጻፈው ክለሳ በማግሥቱ ይገለበጣል። የምንዛሪ ልዩነት በ60,000 ብር ዴቢት ይሆናል፣ የዶላር ባንክ ሂሳቡ በ60,000 ብር ክሬዲት ይሆናል፤ ሌጀሩ ወደ 2,240,000 ይመለሳል። ትናንት በሕግ ግዴታ የተጻፈ ነገር ዛሬ ለምን ይፈርሳል?

አይፈርስም። የ2016 ሪፖርት 2,300,000 ብር እንዳለ፣ ትርፉም 60,000 ጨምሮ እንደተዘጋ ይኖራል። የ2017 መክፈቻ ሂሳብም 2,300,000 ነው። መገልበጡ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የሚመዘገብ ራሱን የቻለ እንቅስቃሴ ነው፤ ዓላማውም አንድ ብቻ ነው፦ መዝገቡን ዶላሩ መጀመሪያ ወደ ገባበት ዋጋ መመለስ።

ይህ ልማድ የተወለደው ከባንክ ሂሳብ ሳይሆን ከደንበኛ ደረሰኝ ነው። ላኪው ለውጭ ደንበኛው የ10,000 ዶላር ደረሰኝ በ56 ብር መዝግቦ፣ ሰኔ 30 ላይ በ57.50 ከልሶ 15,000 ብር ትርፍ ጻፈ እንበል። ደንበኛው ነሐሴ ላይ ሲከፍል ሲስተሙ የሚያነጻጽረው የክፍያውን ቀን ተመን ከደረሰኙ የመጀመሪያ ተመን ጋር ነው። ተመኑ 100 ከሆነ በአንድ ዶላር 44 ብር ትርፍ ያወጣል። በዚህ 44 ብር ውስጥ አምና የተቆጠረችው አንድ ብር ከሃምሳም አለችበት። ሐምሌ 1 ላይ ካልተገለበጠች ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። ስለዚህ ለደረሰኞች መገልበጥ የውዴታ ነገር አይደለም፤ ሲስተሙ የተሠራው በዚያ እምነት ነው።

የባንክ ተቀማጭ ግን ደረሰኝ የለውም። በ55 የገባው ዶላርና በ57 የገባው ዶላር አንድ ሂሳብ ውስጥ ተደባልቀዋል፤ ሲወጣ የትኛው እንደወጣ ማንም ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ የባንክ ሂሳብን መገልበጥም አለመገልበጥም ይቻላል። ይህን ለማመን ሁለቱንም መንገድ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መከተል ነው።

ላኪያችን ነሐሴ ላይ ከ40,000 ዶላሩ 30,000ውን በ100 ብር ለባንኩ ሸጠ፤ 3,000,000 ብር በብር ሂሳቡ ገባለት። በዓመቱ ሌላ ዶላር አልገባም እንበል። የቀረው 10,000 ዶላር ሰኔ 30 ቀን 2017 ተመኑ 135 ብር ሲሆን 1,350,000 ብር ይሆናል።

የሚገለብጠው ድርጅት ሐምሌ 1 ላይ 60,000 ብር በኪሳራ በኩል ጽፏል። ሲሸጥ 30,000 ዶላሩን በ56 ብር፣ ማለትም በ1,680,000 ብር ከሌጀሩ አወጣ፤ ትርፉ 1,320,000 ሆነ። በሌጀሩ ላይ የቀረው 560,000 ሰኔ 30 ላይ ወደ 1,350,000 ሲከለስ 790,000 ትርፍ ተጨመረ። ሁለቱን ደምሮ 60,000ውን ሲቀንስ የዓመቱ የምንዛሪ ትርፍ 2,050,000 ብር ነው።

የማይገለብጠው ድርጅት ሌጀሩን በ2,300,000 ትቶታል፤ አዲሱ ዋጋው 57.50 ነው። 30,000 ዶላሩን በ1,725,000 አወጣና 1,275,000 አተረፈ። የቀረውን 575,000 ወደ 1,350,000 ሲከልስ 775,000 ጨመረ። ድምሩ 2,050,000 ብር። በሳንቲም እንኳ አይለያዩም።

መጣላት የሚጀምረው ሁለቱ መንገዶች ሲደባለቁ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ሰኔ ላይ ከለሰ፣ ሐምሌ 1 ላይ መገልበጡን ረሳ፣ ዶላር ሲሸጥ ግን ኤክሴሉ ላይ ባለው በድሮው 56 ብር አወጣ። ድርጅቱ 40,000ውንም ዶላር ቢሸጥ ሌጀሩ ላይ ምን እንደሚቀር ይታይ። 2,300,000 ሲቀነስ 2,240,000፦ 60,000 ብር። የባንኩ ስቴትመንት ዜሮ ዶላር ይላል፣ የድርጅቱ መዝገብ ግን የማንም ያልሆነ 60,000 ብር ይዟል። ዶላር የሌለው የዶላር ሂሳብ ማለት ነው። የሽያጩ ትርፍም 1,760,000 ተብሎ ተጽፏል፤ በ2017 የተገኘው ግን 1,700,000 ብቻ ነው። የጎደለችው 60,000 አምና ተቆጥራለች።

በተቃራኒው ሐምሌ 1 ላይ ገልብጦ ሲሸጥ በ57.50 የሚያወጣም አለ። የእሱ ሌጀር በ60,000 ብር ክሬዲት ሆኖ ይገኛል። ባንክ የሌለውን ገንዘብ ያበደረው ይመስላል። ሲስተሙ በራሱ ከገለበጠ በኋላ ሠራተኛው አላየሁም ብሎ በእጁ ደግሞ ሲገለብጥም የሚመጣው ተመሳሳይ ጣጣ ነው፤ 40,000 ዶላሩ 2,180,000 ብር ይሆናል፤ ሲካፈል በዶላር 54 ብር ከ50 ሳንቲም። ያ ሂሳብ ግን ከ55 በታች የገባ ዶላር አያውቅም።

የገንዘቡ አንድ ክፍል ሳይሸጥ ከቀረ ስህተቱ የበለጠ ይደበቃል። በመጀመሪያው ዓይነት ስህተት 30,000 ዶላር ብቻ ቢሸጥ ሌጀሩ ላይ ለቀረው 10,000 ዶላር 620,000 ብር ይቀራል፤ በዶላር 62 ብር። ላይ ላዩን ሲታይ ከ57 እና ከ100 መሃል ያለ ጤነኛ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን በ2016 ሐምሌ 62 ብር የሚባል ተመን ኖሮ አያውቅም፤ ተመኑ በአንድ ሌሊት ከ57 ወደ 74 ነው የዘለለው። ሌላ ዶላር ካልገባ 62 ከየትም ሊመጣ አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ዶላር የሚገባለት ድርጅት ግን በዚህ ዘዴ ስህተቱን ማግኘት አይችልም፤ በ55 እና በ135 መሃል ያለ ማንኛውም አማካይ እውነት ሊሆን ይችላልና።

ደስ የሚለው ነገር የባንክ ሂሳብ ራሱን የማረም ጠባይ አለው። ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ ክለሳው የሚሠራው በስቴትመንቱ ያለውን ዶላር በተመኑ አባዝቶ፣ ሌጀሩን እዚያ ቁጥር ላይ በማድረስ ከሆነ፣ በ62 ብር የተሳሳተውም መዝገብ ወደ 1,350,000 ይመጣል። 730,000 ይጨመርና የዓመቱ ድምር ያው 2,050,000 ይሆናል። ስህተቱ በሽያጭ ትርፍና በክለሳ ትርፍ መሃል ያለውን ክፍፍል አበላሽቷል፣ የየወሩን ሪፖርት አበላሽቷል፤ የዓመቱን ድምር ግን አልነካም። የሚነካው ሠራተኛው ሌጀሩን ሳያይ የተመኑን ልዩነት ብቻ በዶላሩ ሲያባዛ ነው። ከ135 ላይ 56 ቀንሶ፣ በ10,000 አባዝቶ 790,000 ብሎ ከጨመረ፣ በ620,000 ላይ 1,410,000 ይመጣል። 10,000 ዶላር በ135 ተባዝቶ 1,410,000 የሚሆንበት ሂሳብ የለም።

ስለዚህ የክለሳውን ትክክለኛነት ለማየት የሂሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ባንኩ የላከውን ስቴትመንት ወስዶ የዶላሩን ቀሪ በዕለቱ ተመን ማባዛትና ከሌጀሩ ቀሪ ጋር ማስተያየት ነው። ባንኩ ያልጨረሰው ቼክ ወይም ያልደረሰ ክፍያ ካለ መጀመሪያ በዶላር ይታረቃል፤ ከዚያ ይባዛል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በብር ለማስታረቅ የሚሞክር ሰው የትኛው ልዩነት የተመን፣ የትኛው የጠፋ ክፍያ እንደሆነ ሳይለይ ይውላል።

ይህ ነገር በእኛ ሀገር ሰፋ ብሎ የሚታይበት ምክንያት አለ። ብዙ መካከለኛ ድርጅቶች አሁንም የሚጠቀሙት ፒችትሪ የተባለው ሶፍትዌር በአንድ የገንዘብ ዓይነት ብቻ የሚሠራ ነው። የዶላር ሂሳብ በውስጡ በብር ብቻ ይታያል፤ ዶላሩ የሚቆጠረው በጎን ባለ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ክለሳውም መገልበጡም በእጅ ይጻፋል። ሠራተኛው ሐምሌ ላይ ፈቃድ ከወጣ ወይም ሥራ ከለቀቀ፣ የሚተካው ሰው ሰኔ 30 ላይ ያለችውን የ60,000 ብር ጆርናል መገልበጥ እንዳለበት የሚነግረው ነገር የለም። ትልልቆቹ ሲስተሞች የሚገለበጥበትን ቀን ክለሳው ሲሠራ አብረው ይጠይቃሉ። ፒችትሪ ላይ ግን ያ ቀን የሚኖረው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

የሚገለብጡትም ቢሆኑ ጆርናሉን የት እንደሚጽፉት ይሳሳታሉ። አንደኛው ስህተት ቀኑ ነው። ሐምሌ 1 መሆን ያለበት መገልበጥ ሰኔ 30 ተብሎ ከተጻፈ የአምናው ክለሳ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሪፖርቱ ወደ 2,240,000 ይመለሳል፤ ታትሞ የወጣው ወረቀትና ሲስተሙ ይለያያሉ። ሁለተኛው ይበልጥ የሚስብ ነው። የአምናው 60,000 ትርፍ ዓመቱ ሲዘጋ ወደ ተከማቸ ትርፍ ተዛውሯል። ሠራተኛው «ትርፉ አሁን ያለው እዚያ ነው» ብሎ መገልበጡን ከተከማቸ ትርፍ ላይ ይቀንሳል። አስተሳሰቡ ብልህ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ኦዲት የተደረገ ያለፈ ዓመት ትርፍን መንካት ነው፤ በዚህም የ2017 የምንዛሪ ትርፍ በ60,000 ይገንናል። መገልበጡ መግባት ያለበት በአዲሱ ዓመት የምንዛሪ ልዩነት ሂሳብ ውስጥ ነው፤ ሐምሌ 1 ላይ 60,000 ኪሳራ ማሳየቱ ቢያስጠላም ቦታው እዚያ ነው።

ስለዚያች ኪሳራ አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። ሐምሌ 1 ላይ የገለበጠ ድርጅት ሐምሌ 30 ላይ እንደገና ካልከለሰ፣ የወሩ ሪፖርቱ በምንዛሪ በኩል 60,000 ብር ኪሳራ ያሳያል። የ2016ቱን ሐምሌ ብናስብ ደግሞ ነገሩ ያስቃል፤ ዶላር በአንድ ሌሊት ከ57 ወደ 74 በዘለለበት ወር፣ ዶላር የያዘ ድርጅት በምንዛሪ ከሰርኩ ብሎ ለሥራ አመራሩ ሪፖርት ያቀርባል። ሥራ አስኪያጁ ዜናውን ሰምቷል፣ ሪፖርቱን ያያል፣ ሂሳብ ክፍሉን መጠርጠር ይጀምራል። መገልበጥን የመረጠ ሰው በየወሩ መጨረሻ መከለስን አብሮ መርጧል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም።

በዚህ ሁሉ ምክንያት፣ የደረሰኝ ሂሳብ እንደተለመደው እየተገለበጠ የባንክ ሂሳብ ግን ሳይገለበጥ ቢቀጥል ይሻላል፤ በተለይ በእጅ ለሚሠራ ድርጅት። ሰኔ 30 ላይ የተደረሰበት 57.50 በአዲሱ ዓመት የዶላሩ መነሻ ዋጋ ይሆናል፤ የኤክሴል ሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመርም 40,000 ዶላር፣ 2,300,000 ብር ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚረሳ ጆርናል የለም። የሚቀረው አንድ ጥንቃቄ የድሮዎቹ 55 እና 57 ከሰንጠረዡ መውጣታቸውን ማረጋገጥ ነው፤ እዚያው ከቆዩ ነሐሴ ላይ የሚሸጥ ሰው ያያቸውና ይጠቀምባቸዋል። መገልበጥን የመረጠ ድርጅትም ዘዴውን በመሐል ዓመት መቀየር የለበትም። የሚቀይረው ሐምሌ 1 ላይ፣ የአምናው ክለሳ ተገልብጦ እንደሆነና እንዳልሆነ በሌጀሩ ላይ በዓይኑ አይቶ ነው።